ትሬንድላይንና ቻናል፦ የትኞቹን ነጥቦች እናገናኝ? መስመሩስ የምር ተሰበረ የሚባለው መቼ ነው?

ትሬንድላይን ማለት በቻርት ላይ የዋጋ ዝቅታዎችን ወይም ጫፎችን የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር ነው። ስለሱ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ዞረው ዞረው ሁለት ናቸው። የትኛውን ነጥብ ከየትኛው ጋር ላገናኝ? መስመሩ ተሰብሯል ወይስ እየተሸወድኩ ነው? እዚህ ሁሉንም በአንድ ቻርት ላይ እናያቸዋለን፤ በቢትኮይን የቀን ቻርት፣ ከኖቬምበር 2021 እስከ ማርች 2023። ይሄን ዘመን የመረጥኩት ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጥሩ ቻናል፣ የውሸት ስብራት፣ የእውነት ስብራትና ሪቴስት ስላለበት ነው። ቻናል ዋጋው በመሃላቸው የሚመላለስባቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው፤ ሪቴስት ደግሞ ዋጋው ወደ ተሰበረው መስመር ተመልሶ ሲነካው ነው። ቻርቱን ከፍታችሁ አብራችሁኝ መሳል ትችላላችሁ።

ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ዋጋዎቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፤ አንዱ መገበያያ ከሌላው በመቶ ምናምን ዶላር ስለሚለያይ እናንተ ጋ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ቢል አትደናገጡ።

ሁለት ዝቅታ ካገኘሁ ማገናኘት እችላለሁ አይደል?

መሳልማ ማን ይከለክላችኋል። ግን ቻርት ላይ ዝቅታ ሞልቷል፤ ያገኛችሁትን ሁሉ ካገናኛችሁ ስክሪኑ የሸረሪት ድር ይሆናል፣ ከዛ ደግሞ ልባችሁ የፈለገውን መስመር ትመርጣላችሁ። እኔ አንድን ነጥብ ከመቀበሌ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ።

መጀመሪያ፣ ነጥቡ የእውነት መታጠፊያ መሆን አለበት። በቀን ቻርት ላይ እያንዳንዱ ካንድል የአንድ ቀን ዋጋ ነው፤ ከግራው አምስት፣ ከቀኙም አምስት ካንድል ዝቅታቸው ከሱ በላይ ከሆነ ስዊንግ ሎው ብዬ እቀበለዋለሁ። ይሄ ማለት አንድ ዝቅታ ስዊንግ ሎው መሆኑን የማውቀው አምስት ቀን ዘግይቼ ነው። መዘግየቱ ይከነክናል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛ፣ በሁለቱ ዝቅታዎች መሃል ያለውን ጫፍ ዋጋው ኋላ ላይ ማለፍ አለበት። ካላለፈው ሁለተኛው ዝቅታ ወደ ላይ የሚሄድ ገበያ ዝቅታ መሆኑ ገና አልታወቀም። እስኪያልፈው ድረስ መስመሩን በነጠብጣብ እሰለዋለሁ፤ ሲያልፈው ሙሉ መስመር አደርገዋለሁ።

ሦስተኛ፣ መስመሩ በሁለቱ ነጥቦች መሃል የየትኛውንም ካንድል አካል፣ ማለትም ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ያለውን ክፍል፣ መቁረጥ የለበትም።

አሁን በምሳሌው እንየው። ቢትኮይን ኖቬምበር 10 ቀን 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ ወረደ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 ላይ 32,950 ነክቶ ታጠፈ። ፌብሯሪ 10 ላይ 45,850 ደረሰ። ፌብሯሪ 24 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ቀን 34,320 ነካና እንደገና ታጠፈ። ቀጥሎ ማርች 2 ላይ ወደ 45,400፣ ማርች 7 ላይ 37,150 አካባቢ። ከዛ ማርች 28 ላይ 48,200።

ሦስት ዝቅታ አለን ማለት ነው። ጃንዋሪ 24፣ ፌብሯሪ 24 እና ማርች 7። ሦስቱም በአምስት ካንድሉ መስፈርት ያልፋሉ። ታዲያ የትኞቹን እናገናኝ?

ጃንዋሪ 24ን ከማርች 7 ጋር ብታገናኙ መስመሩ በቀን 100 ዶላር ይወጣል፤ ፌብሯሪ 24 ላይ 36,050 ላይ ይሆናል። የዚያን ቀን ዋጋው ግን 34,320 ድረስ ወርዶ፣ ቀኑንም የከፈተው ከዚህ መስመር በላይ ስለነበር፣ መስመሩ ካንድሉን ከታች ይዞት አይሄድም፤ አንድ ትልቅ መታጠፊያን እንዳልነበረ ቆጥሮ ያልፈዋል። ዋናውን ዝቅታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የሚሄድ መስመር ለኔ ፉርሽ ነው። ጃንዋሪ 24 እና ፌብሯሪ 24ን ያገናኘ መስመር ግን ምንም አይነካም። እሱ ይቆየን።

ፌብሯሪ 24ን ከማርች 7 ጋር ማገናኘትስ? የቅርቡ መስመር አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ነጥቦች የሚራራቁት 11 ካንድል ብቻ ነው፣ ከፍታቸው ግን በ2,800 ዶላር ይለያያል። ስለዚህ መስመሩ በቀን ወደ 257 ዶላር እየወጣ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር እንዲቆም ገበያው ያለ እረፍት መሮጥ አለበት። የሚሮጥ ገበያ ደግሞ ማረፉ አይቀርም።

ማርች 13 ላይ መስመሩ 38,700 ላይ ነበር፤ ካንድሉ የዘጋው ደግሞ 37,850 አካባቢ። ከመስመሩ በታች ስለዘጋ ተሰበረ ይባላል። በዚህ ምክንያት የሸጠ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋጋውን 48,200 ላይ አገኘው።

የቀጥ ያለ መስመር መሰበር የሚነግራችሁ ፍጥነቱ መቀነሱን ብቻ ነው፤ አቅጣጫው ስለመቀየሩ ገና ምንም አልተባለም። ከላይ ያልኩትን ሁለተኛ መስፈርት ብትጠቀሙ ኖሮ ደግሞ መስመሩ መጀመሪያውኑ ነጠብጣብ ነበር። በመሃል ያለው ጫፍ 45,400 ነው፤ ዋጋው እሱን ያለፈው ማርች መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ መስመሩ ከተሰበረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ዊኩን ነው የማገናኘው ወይስ ክሎዙን?

ዊክ ከካንድሉ አካል የሚወጣው ቀጭን መስመር ነው፣ ክሎዝ ደግሞ ካንድሉ የዘጋበት ዋጋ። ሁለቱም ይሰራል፣ ቅይጡ ነው የማይሰራው። አንዱን ነጥብ በዊክ፣ ሌላውን በክሎዝ አድርጎ መስመሩን ማስዋብ ራስን መሸወድ ነው።

እኔ በቀን ቻርት ላይ ነጥቦቹን በዊክ አገናኛለሁ፣ ስብራቱን ደግሞ በክሎዝ እለካለሁ። ለምን? ዊኩ ገበያው እምቢ ያለበትን የመጨረሻ ዋጋ ያሳያል። ክሎዙ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከተጓተቱ በኋላ የተስማሙበትን ያሳያል። ድንበሩን በሩቁ ዋጋ አስምሬ፣ ድንበሩ ታለፈ የምለው ግን ቀኑ ከድንበሩ ውጪ ሲያድር ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በዚሁ ቻርት ላይ ዝቅተኛ ክሎዞቹን ብታገናኙ (ጃንዋሪ 22 ላይ 35,030፣ ፌብሯሪ 23 ላይ 37,290 ገደማ) መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ማርች 13 ላይ 38,560 አካባቢ ስለሚሆን የዚያን ቀን ክሎዝ በ700 ዶላር ይሰብረዋል። የዊኩ መስመር ያን ቀን ገና 35,000 አካባቢ ነበር፤ አልተነካም።

ከዊክ ጋር አንድ ችግር አለ። ረጅም ዊክ ከመገበያያ መገበያያ ይለያያል። ሜይ 12 ቀን 2022 አንዱ መገበያያ ላይ ዝቅታው 25,400 አካባቢ ነበር፣ ሌላው ላይ 26,700። በዚህ ነጥብ ላይ መስመር ስትሰሩ የ1,300 ዶላር ልዩነት ይዛችሁ ነው የምትነሱት። ስለዚህ ሁሌም አንድ መገበያያ መርጣችሁ በሱ ቻርት ብቻ ሳሉ።

ቻናሉን እንዴት ነው የምሰራው? የላይኛውንም የታችኛውንም ለየብቻ ልሳል?

ለየብቻ ከሳላችሁ ቻናል አይባልም፤ ሁለት ትሬንድላይን ነው። ፓራለል ቻናል የሚሰራው በሦስት ነጥብ ነው። ወደ ላይ ለሚሄድ ቻናል ሁለት ዝቅታ ታገናኛላችሁ፣ ከዛ ያንኑ መስመር ተዳፋቱን ሳትነኩ ገልብጣችሁ በመሃል ያለው ጫፍ ላይ ታሳርፉታላችሁ። ትሬዲንግቪው ላይ Parallel Channel የሚለው መሳሪያ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፤ ሁለቴ ክሊክ ለመጀመሪያው መስመር፣ ሦስተኛው ለስፋቱ።

በኛ ምሳሌ ከጃንዋሪ 24 እስከ ፌብሯሪ 24 ድረስ 31 ቀን ነው፣ ዝቅታው በ1,370 ዶላር ጨምሯል። በቀን ወደ 44 ዶላር ማለት ነው። በመሃል ያለው ጫፍ ፌብሯሪ 10 ነው፤ የታችኛው መስመር ያን ቀን 33,700 ላይ ስለነበር ከሱ እስከ 45,850 ያለው ርቀት 12,150 ዶላር ይሆናል። ይሄ የቻናሉ ስፋት ነው።

አሁን ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። ማርች 28 ላይ የታችኛው መስመር 35,730 ላይ ነው። ስፋቱን ስትጨምሩበት የላይኛው መስመር 47,880 ላይ ይወድቃል። ገበያው ያን ሰሞን የነካው ትልቁ ዋጋ 48,200 ነው። ፌብሯሪ ላይ የተሳለ መስመር ከአንድ ወር በኋላ በ320 ዶላር ብቻ ሳተ።

የላይኛው መስመር ካልገጠመልኝስ?

ተዉት። የታችኛውን መስመር አዘንብላችሁ ሁለቱንም ለማስማማት አትታገሉ። እኔ የምጠቀመው መለኪያ የስፋቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ሁለተኛው ጫፍ ከላይኛው መስመር ከዚያ በላይ ከራቀ እዚህ ገበያ ላይ ቻናል የለም፣ አንድ ትሬንድላይን ብቻ ነው ያለው እላለሁ። በምሳሌያችን 320 ዶላር ከ12,150 ላይ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛ ንክኪ የግድ ነው?

በሁለት ነጥብ መካከል ሁሌም ቀጥታ መስመር አለ፤ ስለዚህ ሁለት ነጥብ ምንም አያረጋግጥም። ሦስተኛው ነው መስመሩን ሌላውም ሰው እያየው እንደሆነ የሚጠቁመው። ነገር ግን «ብዙ በተነካ ቁጥር ይጠነክራል» የሚለውን እንዳለ አትዋጡት። እኔ ከንክኪው ቁጥር ይልቅ ከንክኪው በኋላ ዋጋው የት ድረስ እንደሚሄድ ነው የማየው።

ቻናሉ መሃል ላይ ሦስተኛ መስመር ጨምሩና ተመልከቱ። ከጃንዋሪ ንክኪ በኋላ ዋጋው እስከ ላይኛው መስመር ሄደ። ከፌብሯሪው በኋላም፣ በማርች ትንሽ ተደናቅፎ፣ ላይ ደረሰ። ከማርች 28 በኋላ ሲወርድ ግን ነገሩ ተቀየረ። ኤፕሪል 21 ላይ ለመመለስ ሞክሮ 43,000 አካባቢ ቆመ፤ መሃሉ መስመር ያን ቀን 42,870 ነበር። ሜይ 1 ላይ ወደ 37,500 ወርዶ የታችኛውን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ መስመሩ 37,240 ላይ ነበር። ከዚህ ሦስተኛ ንክኪ ሲነሳ ደግሞ ሜይ 4 ላይ 40,000 አካባቢ ደርሶ ደከመው። መሃሉ 43,400 ላይ ነበር፤ አልቀረበውም።

በየጊዜው የሚነሳበት ጉልበት እያነሰ ነው። መስመሩ ሳይሰበር ከቀናት በፊት ይሄን ማየት ይቻል ነበር። ይሄ ብቻውን መሸጫ ምክንያት አይሆንም፤ ግን ሜይ 1 ላይ «ሦስተኛ ንክኪ ነው፣ ግዛ» ብሎ የገባ ሰው ስቶፑን፣ ማለትም ኪሳራውን የሚያቆምበትን ዋጋ፣ ከመስመሩ ብዙ ማራቅ አልነበረበትም።

እሺ፣ ተሰበረ የምለው መቼ ነው?

እኔ ጋ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሁለቱም ካልተሟሉ መስመሩ ተነካ እንጂ ተሰበረ አልልም።

አንደኛው ክሎዝ ነው። መስመሩን በሳላችሁበት ታይምፍሬም ካንድሉ ከመስመሩ ውጪ መዝጋት አለበት። የቀን መስመርን በ15 ደቂቃ ካንድል መፍረድ አይቻልም። የቢትኮይን የቀን ካንድል የሚዘጋው በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ሰበረው!» ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚጮህ ሰው ገና ስድስት ሰዓት የቀረው ካንድል እያየ ነው። ተኙና ጠዋት እዩት።

ሁለተኛው ርቀት ነው። በሃምሳ ዶላር ውጪ መዝጋት የመስመሩ ውፍረት ነው። ርቀቱን በቋሚ በመቶኛ ከመለካት ይልቅ በኤቲአር መለካት ይሻላል፤ ኤቲአር ገበያው በአማካይ በቀን ስንት እንደሚንቀሳቀስ የሚነግራችሁ ኢንዲኬተር ነው። እኔ የኤቲአሩን ግማሽ ያህል እፈልጋለሁ። ገበያው ጸጥ ሲል ግማሹ ትንሽ ይሆናል፣ ሲናወጥ ይሰፋል፤ መስፈርቱ ከገበያው ጋር አብሮ ይተነፍሳል።

ሜይ 5 ቀን 2022 ይሄን እንፈትሸው። ዋዜማው ላይ የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ ወለዱን በግማሽ ፐርሰንት ጨምሮ ነበር፤ ገበያው መጀመሪያ ዘለለ፣ በማግስቱ ግን ከ39,800 ተነስቶ እስከ 35,600 ወረደ። የታችኛው መስመር 37,410 ላይ ነበር። ካንድሉ የዘጋው 36,550 አካባቢ፣ ከመስመሩ 860 ዶላር ያህል በታች። ያን ሰሞን የቀን እንቅስቃሴው በአማካይ ከ1,500 ዶላር ትንሽ በላይ ስለነበር 860 ከግማሹ ያልፋል። ሁለቱም ተሟሉ። በዛ ላይ የዚያን ቀን ካንድል ርዝመት ከ4,000 ዶላር በላይ ነው፣ ከተለመደው ከእጥፍ በላይ። እንደዚህ ያለ ካንድል ሲሰብር ብዙ ጊዜ የምሩን ነው።

በማግስቱ ዋጋው ወደ ቻናሉ አልተመለሰም። ይሄን እንደ ሦስተኛ ምስክር ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ አንድ ቀን መጠበቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ ስለዚህ እኔ እንደ ግዴታ አልቆጥረውም።

ዊክ ወጥቶ ተመለሰ። መስመሩን ላስተካክል?

ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዊኩ የወጣበት ነጥብ በአምስት ካንድሉ መስፈርት ስዊንግ ከሆነና መሃል ያለው ጫፍ ከታለፈ፣ አዲሱን ነጥብ ተጠቅማችሁ መስመሩን እንደገና መሳል ትችላላችሁ። ክፍት ትሬድ ይዛችሁ፣ ኪሳራው ላይ አይናችሁ ተተክሎ፣ መስመሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ከሳሹም ዳኛውም እናንተ ናችሁ። አንድ ቀላል መላ ልንገራችሁ፤ ትሬድ ስትገቡ ቻርቱን ስክሪንሾት አንሱና መስመሩን ቆልፉት። ትሬዲንግቪው ላይ መስመሩን ነክታችሁ Lock የሚለውን መጫን ነው።

ከስብራት በኋላ ሪቴስት መጠበቅ አለብኝ?

አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም፤ የሚመጣውን ከማይመጣው አስቀድሞ የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም። ከሜይ 5ቱ በኋላ ማግስቱን የነካው ከፍተኛ ዋጋ ከ37,000 በታች ነው። መስመሩ ላይ ተመልሶ ሲነካ እሸጣለሁ ብሎ የጠበቀ ሰው ሜይ 9 ላይ ዋጋውን 30,000 አካባቢ አገኘው።

ለዚህ ነው አንዳንዶች ግማሹን በክሎዙ፣ ግማሹን በሪቴስቱ የሚገቡት። ሪቴስቱ ካልመጣ ግማሽ ይዘዋል፤ ስብራቱ የውሸት ከሆነ ደግሞ የከሰሩት በግማሽ ነው።

ኢላማውን በቻናሉ ስፋት መለካት ይሰራል?

ከተሰበረበት ቦታ ስፋቱን ትቀንሳላችሁ። 37,400 ሲቀነስ 12,150፣ ወደ 25,250። ሜይ 12 ላይ ዋጋው ከላይ እንዳልኩት በአንድ መገበያያ 25,400፣ በሌላው 26,700 ነካ።

አይን ይሞላል፣ አይደል? ግን ተጠንቀቁ። በዚያ ሳምንት ቴራ የሚባለው ኔትወርክ ተናደ፤ አንድ ዶላር ላይ መቆም የነበረበት ሳንቲሙ ወርዶ ቀረ፣ እህቱ ሉናም ከሱ ጋር ወደ ዜሮ ሄደች። ገበያውን እዚያ ድረስ የገፋው ይሄ ነው። ቻናሉ ስለ ቴራ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስፋቱን የምጠቀመው ትርፌ ከኪሳራዬ ይበልጣል ወይ የሚለውን ለማስላት ነው፤ እዚያ ይደርሳል ብዬ ለመማል አይደለም።

ጓደኛዬ የኔኑ ሁለት ነጥብ አገናኝቶ መስመሩ ሌላ ቦታ ሄደበት። እንዴት?

አንዳችሁ ሎግ ስኬል ላይ ናችሁ። ይሄ ትንሽ ቴክኒካል ይመስላል፣ ግን በረጅም ቻርት ላይ ከሁሉም ስህተት የከፋ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ተራው ስኬል እኩል ዶላርን በእኩል ርቀት ያሳያል። ሎግ ስኬል ደግሞ እኩል ፐርሰንትን። ከ60,000 ወደ 50,000 መውረድና ከ20,000 ወደ 10,000 መውረድ በተራው ስኬል እኩል ናቸው። በኪሳችሁ ላይ ግን አንዱ ከአምስተኛ በታች ነው፣ ሌላው ግማሽ።

አሁን የመውረጃውን መስመር እንሳል። ከኖቬምበር 10 ቀን 2021 ጫፍ፣ 69,000፣ እስከ ማርች 28 ቀን 2022 ጫፍ፣ 48,200። በመሃላቸው 138 ቀን አለ።

በተራው ስኬል መስመሩ በቀን 151 ዶላር ያህል ይወርዳል። ሴፕቴምበር 13 ላይ 22,730 አካባቢ ነበር፤ ዋጋው ጠጋ ብሎ ነካው፣ የዚያኑ ቀን የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት ቁጥር ወጣና በአንድ ቀን ወደ 20,000 ገደማ ወረደ። ሦስተኛ ንክኪ፣ ቆንጆ መስመር! ኦክቶበር 4 ላይ ደግሞ መስመሩ 19,560 ላይ ሆኖ ካንድሉ 20,300 አካባቢ ዘጋ። ተሰበረ። የገዛ ገዛ። ከአንድ ወር በኋላ ኤፍቲኤክስ የሚባለው መገበያያ ወደቀ፣ ኖቬምበር 21 ላይ ዋጋው 15,500 ገባ።

ልብ በሉ፣ ያ መስመር ዋጋው ባይነሳም መሰበሩ አይቀርም ነበር። በቀን 151 ዶላር እየወረደ ፌብሯሪ 11 ቀን 2023 ላይ ዜሮ ይገባል! ማንኛውም ከዜሮ በላይ የሆነ ዋጋ ይሰብረዋል። ገበያው ተኝቶ መስመሩ ራሱ ነው ከሥሩ የወረደው።

በሎግ ስኬል ያው መስመር በቀን 0.26 በመቶ ይወርዳል፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር በዶላር እየለዘበ። ኦክቶበር 2022 ላይ ይሄ መስመር ገና 29,000 አካባቢ ነበር፣ ዋጋው ከሱ በብዙ ርቆ። የተሰበረው ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ነው፤ መስመሩ 22,200፣ ክሎዙ 22,700 አካባቢ። ከዛ ማርች 10 ላይ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲዘጋ ዋጋው ወደ 19,550 ወረደ። መስመሩን እስከዚያ ቀን ብትዘረጉት 19,550 አካባቢ ላይ ነው ያለው። ሪቴስት በሉት። ኤፕሪል ላይ 30,000ን አለፈ።

ታዲያ መቼ የትኛውን? መስመራችሁ በሚሸፍነው ርቀት ዋጋው ከግማሽ በላይ ከወረደ ወይም እጥፍ ካደገ ሎግ ተጠቀሙ። ዩሮ ከዶላር ጋር በወራት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት በመቶ ስለሆነ እዚያ ልዩነቱ አይታይም። ትሬዲንግቪው ላይ በቀኝ በኩል ያለውን የዋጋ ስኬል በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ Logarithmic የሚለውን መምረጥ ነው። ከመሳላችሁ በፊት ምረጡ፤ በኋላ ስኬሉን ብትቀያይሩ መስመሩ በመሃል ያሉትን ካንድሎች በሌላ ቦታ ያቋርጣል።

ይሄ ሁሉ ፎሬክስ ላይም እንዲሁ ነው?

መስፈርቶቹ ያው ናቸው፣ ሁለት ነገር ግን ይለያል። ክሪፕቶ ቅዳሜና እሁድ የለውም፣ ፎሬክስ አለው። ስለዚህ ተዳፋቱን ስታሰሉ የካሌንደር ቀን አትቁጠሩ፣ ካንድል ቁጠሩ፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ አንድ ካንድል ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ብሮከሮች የቀን ካንድሉን የሚዘጉት በኒውዮርክ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ በበጋቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት። በሌላ ሰዓት የሚዘጋ ብሮከር ካላችሁ ደግሞ እሁድ ላይ ትንሽ ቁራጭ ካንድል ታያላችሁ፤ ያቺ ካንድል የምትሰራውን ዝቅታ ለመስመር አትጠቀሙባት። ሰኞ ጠዋት በጋፕ፣ ማለትም ከዓርብ መዝጊያው ዘሎ፣ ከመስመሩ ውጪ ከከፈተ ደግሞ የሰኞው ካንድል እስኪዘጋ ጠብቁ፤ ብዙ ጋፕ በዚያው ቀን ተመልሶ ይሞላል።